ድጎማው ተነስቶ ተመልሶ ቢመጣስ?

ተመራቂዋ፦ ለማስተርስ ኮርስ ለአንድ ምናባዊ የገንዘብ ሚኒስትር የሁለት ገጽ ማስታወሻ እንድንጽፍ ታዘናል። አገሩ ወደብ የለውም፣ ነዳጁን በሙሉ በዶላር ያስገባል፣ ማደያ ላይ ግን በግማሽ ዋጋ ይሸጣል። እኔ «ድጎማው በአንድ ቀን ይነሳ፣ የሚተርፈው ገንዘብ ለድሆች በእጃቸው ይሰጥ» ብያለሁ። መምህሩ ከመቅደዱ በፊት እናንተ ቅደዱት።

ጡረተኛው የበጀት ሰው፦ አቅጣጫሽ አያስከፋም። በሊትር የሚሰጥ ድጎማ ብዙ ለሚቀዳ ብዙ ይሰጣል። ባለ ቪኤይቱ አንዴ ታንከሩን ሲሞላ የሚያገኘውን ስጦታ በታክሲ የሚመላለስ ሰው በዓመትም አያገኘውም። ይህን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጽፈሽ እለፊ፤ ሚኒስትሩ ያውቀዋል።

ችግሩ «ነዳጅ» እያልሽ ቤንዚንና ናፍጣን በአንድ ጆንያ መክተትሽ ነው። ቤንዚን ሲወደድ መጀመሪያ የሚጮኸው ከተማው ነው። በናፍጣ ግን ጤፉም ሲሚንቶውም ማዳበሪያውም ይጫናል። የኛን አገር ውሰጂ። በሰኔ 2014 መጨረሻ ማሻሻያው ሲጀመር ናፍጣ ከ35.43 ወደ 49.02 ብር ወጣ፤ በሊትር 13.59 ጭማሪ ማለት ነው። 50 ኩንታል የጫነ አይሱዙ ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ ደርሶ ሲመለስ 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። በሊትር 5 ኪሎ ሜትር ብንል 120 ሊትር ይፈጃል። ጭማሪው 1,630 ብር ገደማ ነው፤ ለ50 ኩንታል ሲካፈል በኩንታል 33 ብር አይሞላም። ያን ጊዜ ከ4 ሺህ ብር በላይ ለሚሸጥ ኩንታል ጤፍ ይህ አንድ በመቶ እንኳ አይሆንም። ገበያው ላይ ግን ከዚያ በላይ ተጨመረ። ማስታወሻሽ መመለስ ያለበት «ልዩነቱ ከየት መጣ?» የሚለውን ነው።

ባለ አይሱዙው፦ ጋሼ፣ ስሌትዎ ልክ ነው፤ ግን እኔ በ35 ብር ቀድቼ አላውቅም ማለት ይቻላል። አሁንም ማደያ ሰልፍ ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው። ያኔ ሁለት ቀን ተሰልፈህ «አልቋል» ትባላለህ። ከማደያው ጀርባ በጄሪካን የሚሸጠው ግን አላለቀም፤ በእጥፍ ነው። ጭነቱ ቲማቲም ከሆነ ደግሞ አልጠብቅም፣ ከጄሪካኑ እገዛለሁ። ሁለት ቀን የቆምኩበትን የረዳቱን አበልና የአልጋውን ማን ይክፈል? ኪራዩ ላይ ነው የምጥለው። ወረቀት ላይ ያለው ዋጋ ሲጨምር የጄሪካኑ ደግሞ ለጥቂት ሳምንት ወረድ አለ። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እኔ ደስ ብሎኝ ነበር።

ተመራቂዋ፦ ቆይ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ድጎማውን ሾፌሩ አላገኘውም ማለት ነው?

ባለ አይሱዙው፦ ለጄሪካን ነጋዴው ነው የደረሰው። ድንበር አካባቢ ደግሞ ቦቴው ራሱ መንገዱን ይስታል ይባላል፤ ማዶ በሁለት እጥፍ የሚሸጥ ከሆነ ማን ተመልሶ ይመጣል?

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ለምን እንደምትጨቃጨቁ አይገባኝም። መንግሥት ድጎማውን የሚከፍለው ብር አትሞ ነው። ብር ሲታተም ሁሉም ነገር ይወደዳል። ስለዚህ ድጎማ ማንሳት የዋጋ ንረትን ይቀንሳል እንጂ አይጨምርም። እዚህ አሜሪካ የቤንዚን ዋጋ በየቀኑ ይቀያየራል፣ ማንም ለተቃውሞ ሰልፍ አይወጣም።

ጡረተኛው የበጀት ሰው፦ ወንድሜ፣ ግማሹ እውነት ነው። ጉድለቱ በባንክ ብድር ከተሸፈነ ዞሮ ዞሮ ዋጋ ያንራል። ግን ሁለቱ በአንድ ሰዓት አይደርሱም። የታክሲ ታሪፍ የሚጨምረው በዚያው ሳምንት ነው፤ ብድሩ በመቀነሱ የሚመጣው እፎይታ ግን ቢመጣ ከዓመት በኋላ ነው። ሚኒስትሩ ወንበሩን የሚያጣው በመካከሉ ባሉት ወራት ነው። ሰልፍ አይወጣም ያልከውን ደግሞ የኢኳዶር ዋና ከተማ ኪቶ ላይ ጠይቅ። በጥቅምት 2019 እ.ኤ.አ. የኢኳዶር መንግሥት ድጎማውን በአንድ አዋጅ አነሳ፤ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ በሕዝብ ቁጣ አዋጁን ሻረ። ያንተ ጎረቤት ደግሞ ከደሞዙ ስንት እጁን ለመጓጓዣ እንደሚያወጣ አስበው።

ባለ ባጃጁ፦ ስለ ታለመው ድጎማ ማንም አላነሳም። ለሕዝብ ትራንስፖርት ተብሎ በቴሌብር ሲቀዳ ልዩነቱ ይመለስልን ነበር። መጀመሪያ ጥሩ ነበር። በኋላ ግን የማውቀው ሰው ሚኒባሱን አቁሞ ኮታውን ብቻ ይቀዳ ጀመር። ሊትሩን በ10 ብር አትርፎ ቢሸጥ፣ በቀን 30 ሊትር ከሆነ 300 ብር ነው፤ ጎማ አይበላ፣ ትራፊክ አያስቆም፣ ከተሳፋሪ ጋር አይጣላ። እኔስ ስንት ቀን ተፈትኛለሁ። ታሪፉን ጠብቄ የምጭን እኔ ሞኝ ሆንኩ። ለባጃጅ ይሰጥ የነበረው ኮታ ደግሞ ለምን አነሰ? ይህንን ለሚኒስትሩ ይጻፍልኝ።

ተመራቂዋ፦ ወንድሜ፣ ሚኒስትሩ ምናባዊ ነው።

ባለ ባጃጁ፦ የኛውም ሲሰማን አላየሁም።

እትዬ ቲማቲም፦ ልጄ፣ እኔ መርካቶ አታክልት እሸጣለሁ። «ገንዘቡ ለድሆች ይሰጥ» ያልሽው ማን ነው ድሃ? በሴፍቲኔት ዝርዝር ያለ ሰው ይታወቃል። ቀበሌው ስሙን ይዞታል። ጠዋት ከአያት ሁለት ታክሲ ይዛ የምትመጣው ረዳቴ ግን ከዝርዝሩ የለችም፤ ሥራ አላት ተብሎ። የታክሲው ጭማሪ የሚጎዳው እሷን ነው። ከእኔ ቀጥሎ ያለው የመንግሥት ትምህርት ቤት መምህር ከሰዓት በኋላ ሽንኩርት ይሸጣል፤ እሱስ ከየትኛው ዝርዝር ሊገባ ነው?

ጡረተኛው የበጀት ሰው፦ እትዬ ጥሩ ቦታ ነክተዋል። ያለን ሰፊ ዝርዝር የገጠሩ ነው፤ ጭማሪው መጀመሪያ የሚያርፈው ግን ከተማ ላይ ነው። ኢራን በታኅሣሥ 2010 እ.ኤ.አ. ይህን የፈታችው ድሃ ከሀብታም ሳትለይ ለሁሉም በመስጠት ነው፤ ለአንድ ሰው በወር 455,000 ሪያል። ብልሃቱ ቅደም ተከተሉ ላይ ነበር። ገንዘቡ ዋጋው ከመጨመሩ በፊት ሂሳብ ውስጥ ገባ፣ ግን ተቆልፎ። ሰዉ ቁጥሩን ያየዋል፣ አይነካውም፤ ዋጋው በጨመረ ቀን ተከፈተ። ጉድለቱ ደግሞ ይኸው ነው፦ የገንዘቡ መጠን ባለበት ቆመ፣ ንረቱ አልቆመም፤ ከጥቂት ዓመት በኋላ ያ ገንዘብ የሚገዛው ትንሽ ነበር። ስለዚህ ልጄ፣ «ገንዘብ ይሰጥ» ብለሽ አታቁሚ። ለማን፣ ከጭማሪው ስንት ቀን ቀድሞ፣ በስንት ወሩ እንደሚከለስ ጻፊ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «በአንድ ቀን ይነሳ» ያልሽው ነገር ራሱ የለም። ለምሳሌ አንድ ሊትር ወደብ ላይ 70 የአሜሪካ ሳንቲም ይሁን። ዶላር 57 ብር ሳለ ይህ 40 ብር ገደማ ነው። ለማጓጓዣና ለግብር 10 ብር ጨምረሽ ማደያው በ50 ብር ቢሸጥ ድጎማ የለም፤ ሚኒስትሩ «ነጻ ወጣን» ብሎ መግለጫ ይሰጣል። ከዚያ ብር ይዳከምና ዶላር 120 ይገባል፤ በኛ አገር ከሐምሌ 2016ቱ የምንዛሪ ለውጥ በኋላ በወራት ውስጥ የሆነው ይህ ነው። የዓለም ዋጋ አልተነቃነቀም፣ ግን ያው ሊትር 84 ብር ሆነ፤ አሥሩ ሲጨመር 94። ማደያው አሁንም በ50 ከሸጠ በሊትር 44 ብር ድጎማ ተመልሶ ገብቷል። ማንም አልፈረመበትም፣ ምክር ቤት አልቀረበም።

ናይጄሪያ በዚሁ ተያዘች። በግንቦት 29 ቀን 2023 እ.ኤ.አ. አዲሱ ፕሬዚዳንት ድጎማው አብቅቷል አሉ። የቤንዚን ዋጋ ማደያ ላይ በሊትር ከ200 ናይራ በታች ወደ 500 አካባቢ፣ በሐምሌ ደግሞ ወደ 617 ዘለለ። ከዚያ ናይራ መውደቁን ቀጠለ፣ ማደያው ግን በዚያው ዋጋ አካባቢ ለዓመት ያህል ቆየ። ድጎማው በጓሮ በር ተመለሰ። ሚኒስትርሽን «መቼ ይነሳ» ብለሽ አትጠይቂው፤ «ከተነሳ በኋላ ዋጋውን የሚቀይረው ማን ነው፣ በየስንት ቀኑ?» በይው። በየወሩ ሚኒስትሩ ራሱ የሚፈርም ከሆነ ምርጫ ሲቃረብ አይፈርምም።

ከሲልቨር ስፕሪንግ፦ ታዲያ እኔ ያልኩት እኮ ነው፣ በየቀኑ ይቀየር!

እትዬ ቲማቲም፦ በየቀኑ? የታክሲ ረዳት በየቀኑ ታሪፍ ሲጨምር ይታያችሁ። ሲወጣ ይጨምራሉ፤ ሲወርድ «ዝርዝር የለም» ነው። እኔም ብሆን ሽንኩርት ላይ የጨመርኩትን ለመቀነስ አልቸኩልም፣ እግዜር ይቅር ይበለኝ።

ባለ አይሱዙው፦ በወር አንዴ ከሆነም ሌላ ጣጣ አለው። የክለሳው ቀን ሲቃረብ ማደያው ይደርቃል። ባለ ማደያው ቦቴውን አራግፎ ነገ በውድ ሊሸጠው ይጠብቃል። ዛሬ የተሰለፍኩትም ለዚህ ይመስለኛል። በትንሽ በትንሹ ቢቀየር ለመደበቅ አያጓጓም።

ጡረተኛው የበጀት ሰው፦ እዚህ ላይ ከባለ አይሱዙው ጋር ነኝ፤ በየሁለት ሳምንቱ፣ በቀመር፣ ጭማሪው በአንድ ጊዜ ከተወሰነ መጠን እንዳያልፍ ሆኖ። ዶላር በአንድ ጊዜ እጥፍ ሲሆን ግን ገደቡ ራሱ ድጎማ ይሆናል። ለዚህ መልስ አለኝ ብል ውሸት ነው።

ተመራቂዋ፦ እሺ ጋሼ፣ «በአንድ ቀን» የሚለውን አወጣሁት። ናፍጣና ቤንዚን ተለያዩ፣ ለታክሲ የሚሰጠው በኮታ መሆኑ ቀርቶ ለተሳፋሪው ይሁን አልኩ። እትዬ ግን ስለ ረዳትዎ ያሉትን የምከትበት ቦታ አላገኘሁም። በስልክ ለሁሉም ይላክ ብል ገንዘቡ ይበቃል?

ጡረተኛው የበጀት ሰው፦ ለሁሉም ከላክሽ ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ያንሳል። ከመረጥሽ ረዳቷ ትቀራለች። የትኛውን ስህተት እንደምትመርጪ ለሚኒስትሩ በግልጽ ጻፊለት፤ መምህርሽ ነጥብ የሚሰጥሽ ለዚያ ነው።

ባለ ባጃጁ፦ የኔ ኮታስ?

ባለ አይሱዙው፦ ቦቴው መጣ መሰል፣ ሰልፉ ተነቃነቀ። በኋላ አነባለሁ።