በደሴ የጤፍ ዋጋ ላይ ጣሪያ ይቀመጥ?

ጠያቂ፦ የጤፍ ዋጋ ከአቅማችን በላይ ሆኗል። ከተማ አስተዳደሩ በኪሎ የዋጋ ጣሪያ ቢያወጣ ጉዳቱ ምንድን ነው?

የመንግሥት ሠራተኛ፦ እኔ እደግፋለሁ። ዋጋውን የሚሰቅለው እህሉን መጋዘን ዘግቶበት የሚጠብቅ ነጋዴ ስለሆነ፣ ቁጥጥሩ ከጠበቀ እህሉ ይወጣል። በ2003 ዓ.ም. በዘይት፣ በስኳርና በሌሎች ሸቀጦች ላይ ጣሪያ ሲወጣ እኔ ራሴ በርካሽ ገዝቻለሁ።

የኢኮኖሚክስ መምህር፦ በርካሽ የገዙት አስቀድሞ ሱቅ የገባውን ነው፤ ጥያቄው እሱ ሲያልቅ ማን ይተካዋል የሚለው ነው። ያኔ ስኳርና ዘይት ጠፍተው ሕዝቡ ተሰለፈ፤ የአብዛኞቹ ሸቀጦች ጣሪያም ዓመቱ ሳያልቅ ተነሣ። ደሴ የምትበላው ጤፍ ደግሞ በብዛት ከሌላ አካባቢ ተጭኖ የሚመጣ ነው። ለምሳሌ ያህል ነጋዴው ጎጃም ላይ ኩንታሉን በ12,000 ብር ገዝቶ ለጭነትና ለወዛደር 800 ብር ከፈለ እንበል። ደሴ ላይ ጣሪያው በኪሎ 125 ብር ከሆነ በየኩንታሉ 300 ብር ስለሚከስር፣ መኪናውን ጣሪያ ወደሌለበት ከተማ ያዞረዋል። ለከተማዋ በደረሰችው ጥቂት ጤፍ ላይ ሰልፍ ይበዛል። ያለ ጣሪያው ኪሎው 132 ብር ይሸጥ ከነበረ፣ በቀን 400 ብር የሚያገኝ የቀን ሠራተኛ 10 ኪሎ ለመግዛት ግማሽ ቀን ሲሰለፍ 70 ብር ያተርፍና 200 ብር ያጣል። የሚጠቀመው ሰልፍ የሚይዝለት ሰው ያለው፣ ከባለሱቁ ጋር የሚተዋወቅና ገዝቶ በጓሮ የሚቸረችር ነው።

የእህል ቸርቻሪ፦ ሰኞ ገበያ እሸጣለሁ። አንድ ጊዜ በዚህ ዋጋ ሽጡ ተብለን፣ እኔ ከዚያ በላይ የገዛሁትን በኪሳራ ጨረስኩ። ከጎኔ ያሉት ግን ነጩን ከሠርገኛ ቀላቅለው፣ ሳይነፉም፣ በነጭ ዋጋ ሸጡ። ተቆጣጣሪው ዋጋውን እንጂ ጤፉን አላየም።

የወረኢሉ ገበሬ፦ እኛም ዋጋ ይወሰንልን፤ በአጨዳ ወቅት በርካሽ ነው የምንሸጠው።

መምህሩ፦ አባቴ፣ እርስዎ የሚጠይቁት ከዚህ በታች አይሸጥ የሚል ወለል ነው፤ ጣሪያ ግን የሚቀንሰው የእርስዎን ዋጋ ነው። በደርግ ዘመን የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት ኮታ ጥሎ በተወሰነ ዋጋ ሲወስድ፣ የከተማው ቀበሌ ሱቅ የረከሰው በገበሬው ኪሳራ ነበር።

የመንግሥት ሠራተኛ፦ እሺ፣ ገበያውን ዝም ብለን እንተወው? በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ወሎ እየተራበ እህል ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አስመራ ይወጣ ነበር።

መምህሩ፦ ልክ ነዎት፤ እህሉ የወጣው ረሃብተኛው የሚገዛበት ገንዘብ ስላልነበረው ነው። ስለዚህ እኔ የምደግፈው ለድሃው በቀጥታ ገንዘብ መስጠትን ነው።

ቸርቻሪዋ፦ ገንዘቡ ሲበዛ ጤፉ ካልጨመረ ዋጋው እንደገና አይሰቀልም?

መምህሩ፦ በመጀመሪያ ይጨምራል። መኪኖች ቶሎ ከመጡ ይረግባል፤ መንገድ ከተዘጋ ግን አይረግብም፣ ለዚያ መጠባበቂያ እህል ያስፈልጋል። ወጪውን ከተማው ብቻውን ይችለዋል ለማለት ግን አልደፍርም።

የመንግሥት ሠራተኛ፦ እኔ አሁንም መጋዘኖቹ ይፈተሹ እላለሁ።