ያ የፋሲካ ሶናታ የማን ነበር?

ዮናስ፦ ሰላም ጓዶች። ባህ፣ ሞዛርት፣ ቤትሆቨን እያልን አደግን፤ መሀላቸው አንዲት ሴት የለችም። ሴቶቹ ሙዚቃ ስላልደረሱ ነው ወይስ ሌላ ምክንያት አለ? አሁን ታሪክ ጸሐፊዎች የሴቶችን ስም የሚጨምሩትስ አዲስ ነገር አግኝተው ነው ወይስ ለማመጣጠን?

ሂሩት፦ ዮኒ፣ በአንድ ኖታ ልመልስልህ። ዘመኑ ሁሉ በፈረንጆች ነው። በ1970 ፓሪስ ውስጥ የአንድ ፒያኖ ድርሰት የእጅ ጽሑፍ ተገኘ። «የፋሲካ ሶናታ» የሚል ርዕስ አለው፣ በ1828 የተጻፈ ነው፣ ላዩ ላይ «ኤፍ ሜንደልሰን» ተብሏል። ሰው ሁሉ ኤፍ ማለት ፊሊክስ ነው አለ፤ የታወቀውን የሠርግ ማርሽ የደረሰው ማለት ነው። በ1972 በእሱ ስም በሸክላ ተቀረጸ።

ግን ፊሊክስ ፋኒ የምትባል ታላቅ እህት ነበረችው። የሷም ስም በኤፍ ይጀምራል! በቤተሰቡ ደብዳቤዎች ውስጥ «የፋኒ የፋሲካ ሶናታ» የሚል ነገር ስላለ፣ አንጄላ ሜስ የምትባል ተመራማሪ ጠረጠረች። በ2010 ወረቀቱን ራሱን አየችው። የእጅ ጽሕፈቱ የፋኒ ነው። ከዚያ የገጽ ቁጥሮቹን አየች፤ በርሊን ካለው የፋኒ ደብተር ከጎደሉት ገጾች ጋር ገጠሙ። አንድ ሰው ከደብተሯ ገንጥሎ አውጥቷቸው ነበር። አየህ፣ ይሄ ማመጣጠን አይደለም። ገጽ ቆጠራ ነው።

በረከት፦ በአጭሩ ወንድምየው ሰርቋታል በሉና ጨርሱት።

ሂሩት፦ ግማሹ ልክ ነህ፣ በረከት። ስድስት ዘፈኖቿ በሱ ስም ታትመዋል፤ ሦስቱ ኦፐስ 8 ተብሎ በወጣው የዘፈን ስብስቡ፣ ሦስቱ በኦፐስ 9። ግን በድብቅ አልነበረም፤ ፋኒም ቤተሰቡም ያውቁ ነበር። በ1842 ንግሥት ቪክቶሪያ ከነዚያ አንዱን ዘፍና ስታበቃ፣ ፊሊክስ «ይሄስ የእህቴ ነው» ብሎ እዚያው ነግሯታል። ጥፋቱ ሌላ ቦታ ነው። በራሷ ስም እንድታሳትም አላበረታታም። እናቱ ለምና ጽፋለት እንኳን እምቢ አለ፤ ፋኒ የቤቷ እመቤት ናት፣ ኅትመት አያስፈልጋትም ዓይነት ነገር ነው የመለሰው። ይሄ የሱ ብቻም አይደለም። ገና በ14 ዓመቷ አባቷ ጽፎላት ነበር፤ ሙዚቃ ለፊሊክስ ምናልባት ሙያ ይሆነዋል፣ ላንቺ ግን ጌጥ ብቻ ነው ብሎ።

ጋሽ ታደሰ፦ ልጆቼ፣ እኔ ስለ እማሆይ ጽጌማርያም ገብሩ የምታወሩ መስሎኝ ነው የገባሁት። እሳቸውም ፒያኖ ደራሲ፣ እሳቸውም ሴት። እኔ የሰማኋቸው ከሸመገልኩ በኋላ ነው፤ ይቆጨኛል።

ሂሩት፦ ጋሽዬ፣ እንኳን ገቡ። የእማሆይ ነገር ግን ትንሽ ይለያል። እሳቸው በ1960ዎቹ ጀርመን ሸክላ አሳትመዋል፤ በዓለም ደግሞ በሰፊው የተሰሙት በ2006 የሥራዎቻቸው ሲዲ ሲወጣ ነው። የፋኒ ጣጣ ያልታተመ ነገር ነው። ከ400 በላይ ሥራ ጻፈች፣ ግን አብዛኛው መሳቢያ ውስጥ ቀረ። በራሷ ስም ኦፐስ 1 ብላ ማሳተም የጀመረችው በ1846 ነው፣ በ40 ዓመቷ። በዓመቱ ግንቦት ላይ ለእሁድ ኮንሰርት ልምምድ ላይ ሳለች በስትሮክ ሞተች። ያልታተመ ኖታ ተቺ አይጽፍበትም፣ መምህር አያስተምረውም። ታሪክ ጸሐፊው ደግሞ የሚጽፈው ከታተመው ነው። እንዲህ ነው የምትጠፋው።

ሳምራዊት፦ እኔ ፒያኖ የተማርኩት ስምንት ዓመት ነው። በመማሪያዬ አንድም የሴት ድርሰት አልነበረም። መምህሬን ስጠይቅ «የሉም» አለኝ። አምኜው ኖርኩ፤ ዛሬ ስሰማው ያናድደኛል።

በረከት፦ እሺ፣ ተቀበልኩ። ግን ሲምፎኒ የታለ? ታላላቆቹ የሚባሉት በትልልቅ ሥራ ነው። የሷ ዘፈንና አጫጭር ፒያኖ ነው።

ሂሩት፦ ጥያቄህ ጥሩ ነው። ሲምፎኒ አልጻፈችም። ግን ሲምፎኒ ለመጻፍ የምትሞክርበት ኦርኬስትራ ያስፈልግሃል። ፊሊክስ ላይፕዚግ ውስጥ ኦርኬስትራ ይመራ ነበር። ፋኒ የነበራት በርሊን ያለው የቤተሰቧ ቤት አዳራሽ ነው። አንድ ኦቨርቸር፣ ማለትም ለኦርኬስትራ የሚሆን የመክፈቻ ሙዚቃ፣ ጽፋለች፤ በ1834 እዚያው ቤት ኦርኬስትራ ተጠርቶ ተጫወተው፣ የመራችውም ራሷ ናት። ሌሎቹ ዕድሜ ልካቸውን የተለማመዱበትን ኦርኬስትራ እሷ ያገኘችው አልፎ አልፎ ነው። ያም ሆኖ ለአራት ባለክር መሣሪያዎች የጻፈችውን ስትሪንግ ኳርቴቷንና «ዓመቱ» የሚለውን የፒያኖ ዑደቷን ስማ፤ በ12ቱ ወራት የተሰየሙ ናቸው። አጫጭር ናቸው ማለትህን ትተዋለህ።

በረከት፦ እሰማለሁ። ግን መመዘኛው ይቀየር ማለታችሁ ነው ወይስ በድሮው መመዘኛ ትለፍ? እሱን አልመለሳችሁልኝም።

ሂሩት፦ ባለሙያዎቹም በዚህ አይስማሙም። ገሚሱ «ታላላቆች» የሚለውን ዝርዝር ራሱን እንተወው ይላል። እኔ እንኳን ስሟ ይግባ ባይ ነኝ፤ ዝርዝሩ ይቅር ስንል ገና ያልተሰሙት እንደገና የሚረሱ ይመስለኛል።

ሳምራዊት፦ እኔ አልስማማም፣ ሂሩቴ። ግን «ዓመቱ» ውስጥ ከየትኛው ወር ልጀምር?

ሂሩት፦ ከመጋቢት። መሀሉ ላይ የፋሲካ መዝሙር ይገባል።