የሜታ ባለአክሲዮኖች ዝርዝር ላይ ቫንጋርድ አንደኛ ነው፤ ምን ማለት ነው?

ሲልቨር ስፕሪንግ (ጠያቂ)፦ ሰላም ለሁላችሁ። ጥቂት የሜታ አክሲዮን ለመግዛት አስቤ የትልልቅ ተቋማዊ ባለአክሲዮኖችን ዝርዝር ተመለከትኩ። ከላይ ቫንጋርድና ብላክሮክ ተቀምጠዋል፤ ቫንጋርድ ከቀደመው ሩብ ዓመት ጨምሯል ይላል። ኩባንያውን የሚያዙት እነርሱ ናቸው? መጨመራቸውስ ግዢ የሚያሰኝ ነው?

ዳላስ፦ እህቴ፣ ትልልቆቹ ከጨመሩ የሚያውቁት ነገር አለ። እኔ የምከተለው እነርሱን ነው። በጉባኤ ድምፅ የሚሰጡትም እነርሱ ስለሆኑ ባለቤቶቹ ናቸው።

አሌክሳንድሪያ፦ ድምፅ መስጠታቸው ልክ ነው፤ የቀረው ግን አያስኬድም። አብዛኛው የቫንጋርድ ይዞታ እንደ S&P 500 ያሉ የአክሲዮን ገበያ መለኪያዎችን የሚከተሉ ፈንዶች ነው። ሠራተኛው በየወሩ ለጡረታው ገንዘብ ሲያስገባ ፈንዱ በመለኪያው ውስጥ ያሉትን ኩባንያዎች ሁሉ እንደ ክብደታቸው ይገዛል፤ ሜታን ወደደውም ጠላውም። ገንዘቡም የቆጣቢዎቹ ነው፤ ምናልባት ያንቺም አለበት።

ማን ያዛል ላልሽው መልሱ እዚያ ዝርዝር ላይ የለም። የሜታ መሥራች ማርክ ዙከርበርግ ተቋም ስላልሆነ አይገባበትም። እርሱ የያዛቸው የB ምድብ አክሲዮኖች እያንዳንዳቸው አሥር ድምፅ አላቸው፤ የአክሲዮን ድርሻው 13 በመቶ አካባቢ ሆኖ ከድምፁ ግን 60 በመቶ በላይ በእጁ ነው። sec.gov ላይ ኩባንያው ለባለአክሲዮኖች ጉባኤ የሚያወጣውን DEF 14A የተባለ ሰነድ ክፈቺና የባለድርሻዎቹን ሰንጠረዥ ፈልጊ።

ዳላስ፦ የኢንቨስትመንት ኩባንያው በርክሻየር ሀታዌይስ? እርሱም መለኪያ ይከተላል ልትል ነው?

አሌክሳንድሪያ፦ የለም፣ እርሱ መርጦ ይገዛል። ችግሩ ቀኑ ላይ ነው። ያ ዝርዝር የሚወጣበት፣ ትልልቅ ተቋማት ይዞታቸውን የሚያሳውቁበት 13F የተባለው ሪፖርት የሚቀርበው ሩብ ዓመቱ ካለቀ በኋላ እስከ 45 ቀን ባለው ጊዜ ነው። በሜይ 2024 አጋማሽ የወጣው 789 ሚሊዮን የአፕል አክሲዮን ያሳይ ነበር፤ ያ ግን የማርች 31 ይዞታ ነው። ጁን 30 ላይ 400 ሚሊዮን ብቻ ቀርቶ ነበር። በመካከሉ ዝርዝሩን አይቶ «ይዟል» ብሎ የገዛ ሰው፣ ሻጩ ማን እንደሆነ አላወቀም። ዋጋው ይወድቃል ብለው አክሲዮን ተበድረው የሚሸጡትም በ13F አይታዩም።

አራት ኪሎ፦ እኔ እዚህ አዲስ አበባ የባንክ አክሲዮን አለኝ። የባንኬን 13F ከየት ላግኝ?

አሌክሳንድሪያ፦ ወንድሜ፣ 13F የአሜሪካ ሕግ ነው፤ የኢትዮጵያ ባንክ አያቀርብም። የባንኩን ዓመታዊ ሪፖርት ጠይቅ።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሰንጠረዡን አገኘሁት፣ አመሰግናለሁ። ሁለት ድረ ገጾች ግን ለቫንጋርድ የተለያየ በመቶኛ ይሰጣሉ። የትኛውን ልመን?

አሌክሳንድሪያ፦ አንዱ በገበያ በሚሸጠው የA ምድብ ብቻ፣ ሌላው በጠቅላላው አክሲዮን አካፍሎ ሊሆን ይችላል። የአክሲዮኑን ብዛትና ከሥሩ የተጻፈውን ቀን ላኪልን፤ እርሱም ካልገጠመ ሌላ ምክንያት እንፈልጋለን።