የማኅበሩ ዘንግ ይወፍር ወይስ ከፋብሪካው ይገዛ?

ገንዘብ ያዥ፣ ደብረ ብርሃን
ተልባ የምንጨምቅበት ማሽን ዋናው ዘንግ ተሰብሮብናል። ውፍረቱ 50 ሚሊ ነው። ግማሹ አባል እዚሁ ቶርኖ ቤት በ60 ይሠራ ይላል፤ ግማሹ ደግሞ ውድም ቢሆን ከፋብሪካው ይምጣ ይላል። ብሩ የሁላችን ስለሆነ ጉባኤ ፊት መልስ ይዤ መቅረብ አለብኝ። ዘንጉ በጣም የሚጎዳው የቱ ጋ ነው?

ቶርኖ ሠሪ፣ ሸዋ ሮቢት
በ60 ይሠራ። የዘንግ ጉልበት በውፍረቱ ኩብ ስለሚያድግ፣ ከ50 ወደ 60 ስትሄዱ በ1.7 እጥፍ ይጠነክራል። የአገር ቤት ባለሙያ የሚችለውን ሥራ ለውጭ ዕቃ መገበር ምን አመጣው? የተሰበረው ኩሽኔታው ጥግ፣ ዘንጉ ወደ ወፍራሙ የሚሻገርበት እርከን ላይ ነው አይደል? ሁሌም እዚያ ነው።

ገንዘብ ያዥ
አዎ፣ ልክ እርከኑ ላይ። ጊሩ ከኩሽኔታው ውጭ ተንጠልጥሎ ነው ያለው። የኋላ ጫፉን ደግሞ ሌላ የግፊት ኩሽኔታ ይደግፈዋል።

የሜካኒካል ተማሪ
ማሽኑን ትናንት ከጓደኛዬ ጋር ለክተነዋል። ጊሩ በሰያፍ ስለሚገፋ እርከኑ ላይ የሚያጎብጠውን ለሁለት ከፈልነው፤ በቁም 300፣ በአግድም 400 ኒውተን ሜትር ሆነ። የሚጠመዝዘው 600 ነው። ተልባው ሲጨመቅ ስክሩውን ወደ ኋላ የሚገፋውን ከጭመቁ ግፊት ተነሥተን 40 ኪሎ ኒውተን ብለን ገመትነው። 300ና 400 ሲደመር 700 ነው፤ እሱን አስገብቼ ሳሰላ ከ88 ሜጋፓስካል በላይ ወጣ። የሚጎዳው ነጥብ አናቱ ላይ ይመስለኛል።

የጥገና መሐንዲስ፣ ደብረ ብርሃን
ልኬታችሁ ጥሩ ነው፣ መደመሩ ግን አይሆንም። በቁም የሚያጎብጠው አናትና ግርጌን ነው የሚጎዳው፤ በአግድም የሚያጎብጠው ደግሞ ግራና ቀኝን። በክብ ዘንግ ላይ ሁለቱ ከፍተኛ ውጥረቶች አንድ ነጥብ ላይ አይገናኙም። አራት ማዕዘን ብረት ቢሆን ኖሮ ማዕዘኑ ላይ ስለሚገናኙ እንዳልከው ትደምራቸው ነበር። እዚህ ግን ሁለቱ ተዋሕደው በሰያፍ አንድ 500 ይሆናሉ። አናቱን ብቻ ብታይ ታሳንሳለህ፣ ብትደምር ታጋንናለህ።

አሁን በ50 ሚሊ እንየው፦

σ = 32M/πd³ ≈ 41
τ = 16T/πd³ ≈ 24
F/A ≈ 20

ሁሉም በሜጋፓስካል ነው፤ የመጀመሪያው ከማጉበጡ፣ ሁለተኛው ከመጠምዘዙ፣ ሦስተኛው ከተልባው ግፊት የሚመጣ ውጥረት ነው። ጊሩ ዘንጉን ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። በዚያ ጎን ብረቱ ይጨመቃል፣ በተቃራኒው ይለጠጣል። የተልባው ግፊት እዚህ ዘንጉን እየጨመቀ ስለሆነ ከተጨመቀው ጎን ጋር ተደምሮ 61 ይሆናል፤ ከተለጠጠው ጎን ደግሞ ተቀንሶ ወደ 20 ይወርዳል። መጠምዘዙ በዙሪያው ሁሉ እኩል ነው። ሦስቱን ወደ አንድ ቁጥር በሚያጠቃልለው የፎን ሚዝስ ቀመር ስናዋሕድ፦

√(61² + 3·24²) ≈ 74

በተለጠጠው ጎን 47 ገደማ ነው የሚወጣው። ስለዚህ ለማይለዋወጥ ጭነት የሚያሰጋው የተጨመቀው ጎን ነው። ቦታውም ከአግድሙም ከቁሙም ውጭ፣ በሰያፉ ላይ ነው።

የወፍጮ ቤት ባለቤት፣ መሐል ሜዳ
እኔም ባለፈው ክረምት የወፍጮዬ ዘንግ ተሰብሮብኛል፤ የተሰበረው ግን ፑሊው የሚታሰርበት የቁልፍ ቦይ ላይ ነው። በጠመዝማዛ ተቀደደ። እኛ ዘንድ እንዲህ የሚገፋ ነገር የለም። ታዲያ የእኔም ነጥብ የተጨመቀው ጎን ሊሆን ነው?

የጥገና መሐንዲስ
አይደለም እህቴ። አንቺ ዘንድ ወደ ቁመቱ የሚገፋ ኃይል ስለሌለ ሁለቱም ጎን እኩል ነው። በጠመዝማዛ መቀደዱ ደግሞ መጠምዘዙ እንደበዛበት ይናገራል፤ ስንጥቁ ከቦይው ማዕዘን ተነሥቶ ይሆናል። የእነሱን የዘይት ማሽን ሒሳብ እዚያ መውሰድ አይቻልም።

የሜካኒካል ተማሪ
ግን እኮ ዘንጉ ይዞራል! የተጨመቀው ጎን ከግማሽ ዙር በኋላ የተለጠጠው ጎን ይሆናል። ታዲያ ነጥብ የሚባለው ምን ትርጉም አለው?

የጥገና መሐንዲስ
እሱ ነው ዋናው። ያ ሰያፍ ቦታ ከማሽኑ አካል አንጻር አይንቀሳቀስም፤ ብረቱ ነው በዚያ የሚያልፈው። እያንዳንዱ የዘንጉ ቆዳ በየዙሩ ከ61 ጭመቅ ወደ 20 ልጠጣ ይመላለሳል። ለድካም፣ ማለትም ብረቱ በመመላለስ ብዛት ቀስ በቀስ ለሚሰነጠቅበት ከሆነ፣ አንድ ጎን መምረጥ ቀርቶ እርከኑ ዙሪያውን በሙሉ ተጠርጣሪ ነው። የተልባው ግፊት እንዲያውም ይረዳል፤ ሚዛኑን ወደ ጭመቅ ስለሚያደላ ስንጥቅ እንዳይከፈት ያግዛል። የግፊት ኩሽኔታው ከፊት ለፊት ቢሆን ኖሮ ያው 40 ከፊት ያለውን ዘንግ ይጎትት ነበር እንጂ እርከኑን አይጨምቀውም ነበር፤ መመላለሱ ያው ሆኖ የጭመቁ እርዳታ ይቀር ነበር፣ ለድካምም የከፋ ነው።

ስለ 60ው ለወንድሜ የምለው አለኝ። የኩሽኔታው ቀዳዳ 50 ነው። ሌላውን ሁሉ ብታወፍረው ኩሽኔታው የሚቀመጥበት 50 ሆኖ ይቀራል፣ የተሰበረውም እዚያው ነው። እርከኑ ደግሞ ይብሱን ይገዝፋል።

ቶርኖ ሠሪ
ኩሽኔታውንም ባለ 60 ማድረግ ነዋ። ቤቱን ቦር አደርጋለሁ።

የጥገና መሐንዲስ
ቤቱ ውፍረት ካለው ይቻላል፣ አልቃወምም። ካልሆነ ግን ጥጉን ማለስለስ ይቀድማል። በ6210 ዓይነት ኩሽኔታ የጥጉ ክብነት ከ1 ሚሊ ማለፍ አይችልም፣ ካለፈ ኩሽኔታው ከእርከኑ ጋር አይገጥምም። በኩሽኔታውና በእርከኑ መሐል የውስጥ ጠርዙ የተሸረፈ ቀለበት ብታስገባ ግን ክብነቱን 3 ሚሊ ማድረግ ትችላለህ። ይሄ ቶርኖ ቤት የሚሠራ ነገር ነው።

አንድ የሚከነክነኝ ግን አለ። 41 የሚመላለስ ውጥረት በሹል ጥግ ከእጥፍ አልፎ 100 ገደማ ሊደርስ ይችላል። ደህና ብረት ይሄን ይችለዋል። ሒሳቡ ዘንጉ መሰበር አልነበረበትም ይላል። ቀድሞ ተበይዶ ነበር?

ገንዘብ ያዥ
አዎ። አምና ኩሽኔታው እየዞረ ቦታውን ስለበላው በብየዳ ሞልተን ቶርኖ ቤት አስተካክለን ነበር።

የጥገና መሐንዲስ
የተሰበረውን ፊት ጠርገህ እየው። ከጠርዙ ጀምሮ ለስላሳ፣ እንደ ሞገድ የተደራረቡ መስመሮች ካሉና መሐሉ ወይም ሌላው ወገን ሻካራ ከሆነ ድካም ነው። መስመሮቹ ከብየዳው ሥር ከተነሡ ምክንያቱን አገኘነው። የዘንግ ቆዳ በብየዳ ይደርቃል፤ ሲቀዘቅዝ ደግሞ በልጠጣ ይቆያል፣ ያ የተልባው ግፊት የሚሰጠውን እርዳታ ያጠፋዋል። ፊቱ በሙሉ ሻካራ ከሆነ ግን ማሽኑ በደረቀ ፉርሽካ ታንቆ በአንድ ጊዜ ነው የሄደው። ያኔ ጥጉን ማለስለስ ብቻውን አይበቃችሁም፣ ማሽኑ ሲታነቅ የሚቆረጥ ፒን ያስፈልጋችኋል።

ቶርኖ ሠሪ
ብየዳ ሁሉ መጥፎ ነው አትበል። ቀድሞ አሙቆ፣ ቀስ ብሎ ያቀዘቀዘ ሰው የሠራው ብየዳ ይቆያል።

የጥገና መሐንዲስ
ሌላ ቦታ ላይ ይሁን፣ እርከን ላይ ግን አይሁን። በዚህ አንስማማም።

ገንዘብ ያዥ
ጠርጌ አየሁት። ከአንድ ወገን ለስላሳ መስመር አለው፣ አነሣሡም ከጠርዙ ነው። ግን ብየዳው ሥር ይሁን ከሹሉ ጥግ መለየት አልቻልኩም። ከፋብሪካው የሚመጣውም ጥጉ ስንት ሚሊ ክብነት እንዳለው በወረቀት እንዲልኩልን ልጠይቅ ነው።

የሜካኒካል ተማሪ
ጋሼ፣ ያቺን 40 ኪሎ ኒውተንም አብረህ ጠይቅ። እኛ ከግፊት ገመትናት እንጂ አልለካናትም፤ እሷ ከተለወጠች የተጨመቀው ጎን ቁጥር ይለወጣል።