«መኖሩ ተገኝቷል» ምኑ ነው የሞተው?

ህሊና፦ ሰላም ለሁላችሁ። አማካሪዬ የጥናቴን አጠቃሎ አይቶ አንዱን ዓረፍተ ነገር አሰመረበትና «ግሱ ሞቷል» ብሎ መለሰልኝ። ይኸውላችሁ፦ «በጉድጓድ ውሃ ናሙናዎች ላይ የፍሎራይድ ልኬት የተካሄደ ሲሆን ከፍተኛ የሆነ የፍሎራይድ መጠን መኖሩ ተገኝቷል።» ሰዋስዉ ልክ ነው አይደል?

አቤል፦ ቀላል ነው። «ተ»ን ጣይና «ለካን፣ አገኘን» በይ። ሳይንስ ውስጥ ተደራጊ ግስ አይፈቀድም።

ሙሉ፦ እኛ ሰፈር ውሃው የልጆቹን ጥርስ አበላሽቶታል። ማጣሪያ የሚሸጥበት ቦታ ታውቂያለሽ?

ጋሽ ታዬ፦ አቤል፣ ግማሹን ይዘሃል። «ከፍተኛ መጠን መኖሩን አገኘን» ብትል ግን ያው ነው። ጥፋቱ የ«ተ» አይደለም። «መለካት» የሚባለው ሥራ «ልኬት» ሆኖ ስም ውስጥ ተቀብሯል፤ ቦታውን «ተካሄደ» ወረሰው። እንግሊዝኛ ባዶውን ቃል ዓረፍተ ነገሩ መግቢያ ላይ ያስቀምጠዋል። የኛ ግስ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ ባዶውም እዚያው ነው። አንባቢው ያን ሁሉ ጠብቆ «ተገኝቷል» ይደርሰዋል።

ህሊና፣ መጀመሪያ «ማን ምን አደረገ?» በይ። ውሃው ፍሎራይድ ይዟል፤ በቃ፣ ባለቤቱም ግሱም ተገኙ። ከዚያ «ከፍተኛ» ከምን አንጻር ነው? የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው ወሰን በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው። ስለዚህ፦ «ከ20 ጉድጓዶች የ13ቱ ውሃ በሊትር ከ1.5 ሚሊግራም በላይ ፍሎራይድ ይዟል።» ቁጥሮቹን ለምሳሌ ነው ያስገባኋቸው፣ ከሰንጠረዥሽ ተኪ። ልኬቱ የት ሄደ ካልሽ፣ እሱ የዘዴው ክፍል ሥራ ነው።

ህሊና፦ አሁን ገባኝ! እንግዲያው «በክረምትና በበጋ ናሙናዎች መካከል ጉልህ ልዩነት አልተገኘም» ያልኩትን «ልዩነት የለም» ላድርገው?

ጋሽ ታዬ፦ እሱን እንዳትነኪው! እዚያ ግሱ ሥራ ላይ ነው። ፈልገሽ አላገኘሽም። ናሙናው ጥቂት ከሆነ እውነተኛ ልዩነት ቢኖርም ሊያመልጥሽ ይችላል። «የለም» ካልሽ መረጃሽ የማይችለውን ቃል ገባሽ ማለት ነው። ሉሲም እኮ በ1974 እ.ኤ.አ. ሐዳር ላይ «ተገኘች» ነው የምንለው፤ ሌላ ምን እንላለን?

ሳምሪ፦ ላብራቶሪ ነው የምሠራው። «ናሙናው በ4 ዲግሪ ሴልሺየስ ተቀመጠ» እንላለን። ማቀዝቀዣ ውስጥ ማን እንዳስገባው ማን ይጨነቃል? ተደራጊው ይቆይልን ባይ ነኝ።

አቤል፦ እሺ፣ ይቆይ። ግን ህሊና ብቻዋን ነው የሠራችው። «ለካን» ወይስ «ለካሁ»?

ጋሽ ታዬ፦ እኔ «ለካሁ» እላለሁ።

ሳምሪ፦ የኛ ክፍል «ለካሁ» ያለውን ተማሪ ከነወረቀቱ ነው የሚመልሰው።

ህሊና፦ አማካሪዬን ጠይቄ እመለሳለሁ። ሙሉ፣ ማጣሪያውን በውስጥ መስመር እጽፍልሃለሁ።