11 ነጥቦች ሪግሬሽኔን አበላሹት፤ ላጥፋቸው?

እሸት፦ ወገኖች ድረሱልኝ! ነገ ጠዋት አማካሪዬ ይጠብቀኛል። 182 ገበሬ፣ የበቆሎ ምርት በሄክታር ከማዳበሪያ ጋር። ቦክስፕሎቱ ላይ 11 ነጥብ ከላይ ተንጠልጥሏል። አር ስኩዌሩ 0.21 ነው፣ ሳጠፋቸው 0.48 ይገባል። ላጥፋ?

ቡና በጨው፦ አጥፊያ! ከሳጥኑ 1.5 እጥፍ ካለፈ ይጠፋል። እኔ እንደዛ ነው ያደረኩት፣ ተመርቄያለሁ 😄

ጋሼ መስመር፦ አር ስኩዌር እንዲያምር ብለሽ ካጠፋሽማ ያልተስማማሽን ገበሬ ሁሉ እያባረርሽ ነው። ደግሞ ቦክስፕሎቱ ምርቱን ብቻ ነው የሚያየው። ብዙ ማዳበሪያ የጨመረ ብዙ ቢያፍስ ምኑ ይገርማል? መታየት ያለበት ከመስመሩ ምን ያህል እንደራቀ ነው።

ሰባራ ላፕቶፕ፦ የኔ ኤስፒኤስኤስ ጭራሽ አይከፈትም። ምን ላድርግ?

እሸት፦ ጋሼ፣ ትምህርቱን ለሌላ ቀን ያቆዩልኝ። አሁን ምን ላድርግ?

የማሳ ልጅ፦ እስቲ ቁጥሮቹን አሳዪን።

እሸት፦ 9ኙ መሬታቸው 0.25 ሄክታር ነው፤ ምርታቸው 112፣ 120፣ 136 ኩንታል በሄክታር እያለ ይሄዳል። 2ቱ 6 እና 8 ሄክታር አላቸው፤ ምርታቸው ከ85 በላይ ነው። ማዳበሪያውን በሄክታር ስንት ኪሎ ብለን ነው የጠየቅነው።

የማሳ ልጅ፦ 9ኙን ለ4 አካፍያቸው። 28፣ 30፣ 34 ይሆናሉ፤ ይሄ የተለመደ ምርት ነው። 0.25 አንድ ጥማድ ነው አይደል? ገበሬው «1» ሲል ሄክታር ማለቱ ነበር፣ እናንተ ጥማድ አድርጋችሁ ቀየራችሁት። በግምት ግን አታርሚ፣ ቅጹን አውጪ። ዘሩንም እዪ፤ 25 ኪሎ የዘራ ሰው መሬቱ አንድ ሄክታር ገደማ ነው። ሁለቱ ትልልቆች ግን እውነተኛ ገበሬዎች ናቸው፣ ይቆዩ። መስመሩን ምን ያህል እንደሚጎትቱት በዚህ እዪ፦

```r
m <- lm(yield ~ fert, data = d)
d[cooks.distance(m) > 4/nrow(d), ]
```

ከወጡ ይጥፉ ማለት አይደለም። እነሱ ባሉበትም በሌሉበትም አስኬጂና ሁለቱንም ውጤት ጻፊ።

ቡና በጨው፦ ሎግ ብታደርጊውስ? ሁሉም ይሰበሰባል።

እሸት፦ ሞከርኩት፣ `NA/NaN/Inf in 'x'` አለኝ።

የማሳ ልጅ፦ ማዳበሪያ ያልተጠቀሙ አሉሻ። የዜሮ ሎግ የለም። ምርቱን ብቻ ሎግ አድርጊ።

ቡና በጨው፦ 1 ደምሪበት ያልፋል።

ጋሼ መስመር፦ ያልፋል፣ ግን 1 ኪሎ ነው 1 ኩንታል? አሃዱን በቀየርሽ ቁጥር ውጤቱም ይቀየራል።

ቡና በጨው፦ ሁሉም ሰው እንደዛ ነው የሚያደርገው እኮ ጋሼ።

እሸት፦ ቅጾቹን አየሁ። 7ቱ ላይ «ሄክታር» ተብሎ ተጽፏል፣ አረምኳቸው። 2ቱ ላይ «1» ብቻ ነው ያለው፤ ዘሩም አልተሞላም። እነሱንስ?

ሰባራ ላፕቶፕ፦ የኔን የመለሰልኝ የለም።