5ኛ ቢ አልረጋጋ አለኝ፣ እስከ ነገ ጠዋት ዕቅድ አምጪ ተብያለሁ

የ5ኛ ቢ ኃላፊ (ደሴ)፦ እባካችሁ ድረሱልኝ። 64 ልጆች ናቸው። ለዴስክ ሲሻሙ፣ ስም ስጠራ ከ40 ደቂቃው 15ቱ ያልቃል። ድምፄ ተዘግቷል። ርዕሰ መምህሩ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የክፍል አያያዝ ዕቅድ ነገ ጠዋት አምጪ ብሎኛል። ምን ብዬ ልጻፍ?

የወልድያው፦ አብሽሪ እህቴ፣ ዓመታዊ ዕቅድ እኔ ጋ አለ። ምዕራፎቹን በሳምንት ከፋፍዬዋለሁ። ልላክልሽ?

የ5ኛ ቢ ኃላፊ፦ የትምህርቱ አይደለም ወንድሜ። የልጆቹ አያያዝ ነው።

ጦሳ ሥር፦ 64 ብቻ? እኔ 71 አሉኝ፣ ሰባቱን ልላክልሽ? 😄 ለድምፅሽ ሞቅ ያለ ውኃ በማር ጠጪ።

አሮጌ ጠመኔ፦ ልጄ፣ እኔ 31 ዓመት አስተምሬአለሁ። በእኛ ጊዜ መምህር ሲገባ ዝንብ አይሰማም ነበር። አሥራ አምስት ደንብ ጽፈሽ ግድግዳው ላይ ለጥፊ። የክፍል አለቃ ምረጪና የረባሽ ስም ይጻፍ። ሁለቱን ፊት አውጥተሽ በአለንጋ ከነካሻቸው ሌላው ይማራል። የቦታ ነገር ግን እውነት ነው፣ ማን የት እንደሚቀመጥ አንቺ ወስኚ።

የሐይቋ፦ ጋሼ፣ ስለ ቦታው ልክ ነዎት። አለንጋው ግን ይቅር። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 36 ላይ ልጅ በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነፃ ነው ይላል። የረባሽ ስሙንም ሞክሬዋለሁ። አለቃው የተጣላውን ይጽፋል፣ እስክሪብቶ ያዋሰውን ይሰርዛል። በሁለተኛው ሳምንት በዚያ ወረቀት የተነሳ በር ላይ ተደባደቡ።

የቦርከና ልጅ፦ ጥፋቱ የልጆቹ ነው ያለው ማነው? የመጀመሪያው ቀን ምን አስተማርሻቸው?

የ5ኛ ቢ ኃላፊ፦ ምዕራፍ አንድን። መጽሐፉ አያልቅም ብዬ ፈራሁ።

የቦርከና ልጅ፦ በይ እንግዲያው፣ እንዴት እንደሚገባ ያሳያቸው የለም።

የሐይቋ፦ እቴ፣ ነገ ሦስት ነገር ብቻ ጽፈሽ ውሰጂ፦ አገባብ፣ ስም መያዣና የዝምታ ምልክት። ሌላው ይቆይ።

ዛሬ ማታ ወረቀት ላይ 16 ዴስክ ሳዪ። ቁጥር ስጪያቸውና አራት አራት ስም ጻፊ። አጫጭሮቹና ሰሌዳ አጥርተው የማያዩት ፊት ይሁኑ። የዴስክ ሽሚያው እዚያው ያበቃል።

ጠዋትና ከእረፍት በኋላ በር ላይ ይሰለፉ። አንቺ በሩ ላይ ቆመሽ አንድ ዴስክ፣ አንድ ዴስክ እያልሽ አስገቢ። ሰሌዳው ላይ ሦስት ቀላል ጥያቄ ቀድሞ ተጽፎ ይጠብቃቸው። ቦርሳ ከዴስክ ሥር፣ ደብተር ዴስክ ላይ፣ ከዚያ ሥራ። እነሱ ሲሠሩ አንቺ ወረቀትሽን ይዘሽ ባዶውን ቦታ ታያለሽ። ስም መጥራት ቀረ ማለት ነው።

በቃል ብቻ አትንገሪያቸው። መጀመሪያ የአንድ ዴስክ ልጆች ገብተው ያሳዩ፣ ሌላው ይይ። ከተገፋፉ ሳትቆጪ መልሰሽ አውጥተሽ እንደገና አስገቢ። ሰዓትም ያዢ። እኔ በመጀመሪያው ቀን 9 ደቂቃ ፈጅቶብኝ ነበር። በማግስቱ 7 ሆነ። በስምንተኛው ቀን 3።

ለዝምታው እጅሽን አንሺና ቁሚ። ሁሉም እጁን አንስቶ ዝም እስኪል ቃል አይውጣሽ። ሃምሳው ዝም ብሎ አሥራ አራቱ እያወሩ ማስተማር ከጀመርሽ ምልክቱ ሞተ። ከሁለት ቀን በኋላም ድምፅ የምታወጪ ከሆነ አልለመዱትም ማለት ነው።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ ለመውጣት ፈቃድ መጠየቅንና ደብተር መሰብሰብን ብቻ ጨምሪ። ዘግይቶ የሚመዘገብ አይጠፋም፣ የዴስክ ጓደኞቹ ያሳዩት። መስከረም 17 መስቀል ነው። ከበዓሉ ሲመለሱ ግማሹን ረስተውት ታገኛለሽ፣ ያን ዕለት ጠዋት አገባቡን እንደ አዲስ አለማምጂ።

የወልድያው፦ ስለዚህ እጅ ማንሳት ነው አይደል? እኔም እሱን ነው የምለው።

የ5ኛ ቢ ኃላፊ፦ ዕቅዱን ሰጠሁ። እጅ ማንሳቱን ዛሬ ሞከርኩት። ሦስተኛው ላይ ኋላ ያሉትም ዝም አሉ፣ ልቤ ተነካ። ግን ከእኔ ቀጥሎ የሚገባው መምህር ዴስክ በዱላ እየደበደበ ነው ዝም የሚያሰኛቸው። የእኔን ምልክት አያበላሽብኝም?

የሐይቋ፦ ልጆች የየመምህሩን አመል ለይተው ያውቃሉ፣ ያንቺ አይጠፋም። ቢሆንም እረፍት ላይ ወረቀትሽን አሳዪው፣ ስም መጥራት እንደሚቀርለት ከነገርሽው ይወስደዋል። እኛ ጋ ሁለቱ ተቀበሉ፣ አንዱ እምቢ አለ። የእሱ ክፍለ ጊዜ እንዳለቀ ስገባ እስከ ዛሬ እቸገራለሁ። ለዚህ መላ ያለው ሰው ካለ እኔም ልስማ።